የፕሮጀክት መዝጊያ ሪፖርት እንዴት ይጻፋል? አንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ይዘን ደረጃ በደረጃ

አንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ከተዘጋ ሦስት ዓመት አልፎታል እንበል። ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አዲስ ባለሙያ ተመድቧል። አንድ ቀበሌ ሲደርስ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ ያገኛል። ማን ተከለው? ዋስትናው አልቋል? ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሌላ ድርጅት ገብቷል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስልክ ቀይራለች። የሚጠይቀው ሰው የለም። ያለው ነገር አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ የመዝጊያ ሪፖርቱ።

እኔ የመዝጊያ ሪፖርት ስጽፍ ይህን ባለሙያ ነው የማስበው። ለጋሹ ድርጅት አንድ ጊዜ አንብቦ ያስቀምጠዋል። ይህ ሰው ግን እየገለጠ ይሠራበታል። ለእሱ የሚጠቅም ሪፖርት ለለጋሹም፣ ለኦዲተሩም ይበቃል።

ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሄዳለን። ቦታው በስምጥ ሸለቆ ያለ አንድ ወረዳ ነው። ፕሮጀክቱ ከመስከረም 2016 እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሁለት ዓመት ቆይቷል። ዕቅዱ 12 የውሃ ተቋማት መሥራት ነበር። ዘጠኙ የእጅ ፓምፕ የሚገጠምላቸው መለስተኛ ጉድጓዶች ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ የምንጭ ማጎልበት ሥራ። በጀቱ 200,000 ዶላር ነው። ወረዳውንም ቁጥሮቹንም ለትምህርት እንዲመቹ እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው። ችግሮቹ ግን በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

## 1. ሁለት ወር ሲቀር ጀምሩ፣ መለኪያውን ለዩ

ብዙ መዝጊያ ሪፖርት የሚበላሸው ሥራው ካለቀ በኋላ ስለሚጀመር ነው። የሠራተኞች ውል የሚያልቀው ፕሮጀክቱ በሚያልቅበት ቀን ነው። ሪፖርቱ ሲጻፍ ሰነዱን የሚያውቀው ሰው ሄዷል። ቢያንስ የሒሳብ ሠራተኛው ውል ከፕሮጀክቱ ማብቂያ አንድ ወር እንዲያልፍ በጀት ላይ ማስያዝ ይሻላል። ይህ ካልተደረገ ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሩ።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሦስት ዓይነት ሰነዶች ናቸው። አንደኛው ከለጋሹ ጋር የተፈረመው ስምምነት ነው። ሁለተኛው ከክልሉ መንግሥት ቢሮዎች ጋር የተፈረመው የፕሮጀክት ስምምነት ነው። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ የመጡት የማሻሻያ ደብዳቤዎች ሁሉ ናቸው።

ሁለቱን ስምምነቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ለለጋሹ 12 ተቋም የተባለው ለክልሉ 14 ተብሎ ተፈርሞ ይገኛል፤ ሲደራደሩ ሁለት ተጨምሮ ማለት ነው። የመዝጊያ ሪፖርቱ «ዕቅድ» የሚለው የትኛውን ነው? መልሱን መጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት። «በዚህ ሪፖርት ዕቅድ ስንል በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ደብዳቤ የተሻሻለውን ሰነድ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። እሷ ከሌለች የሚቀጥሉት ቁጥሮች ሁሉ ያከራክራሉ።

ቀንም እንዲሁ ነው። ለጋሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሠራል። ወረዳው በኛ አቆጣጠር ይሠራል፤ የበጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው። ሁለቱንም ቀን ጻፉ። «ዓመት 2» ብቻ ብሎ ማለፍ የትኛው ዓመት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም።

## 2. የተሠራውን ለመቁጠር ወደ መስክ ውጡ

የመጀመሪያዬን መዝጊያ ሪፖርት የጻፍኩት ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው። የርክክብ ሰነዶቹን ቆጠርኩ፣ ቁጥሩ ከዕቅዱ ጋር ገጠመ፣ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ብዬ ጻፍኩ። በወሩ ለሌላ ሥራ ወደዚያው አካባቢ ሄድኩ። አንደኛው ፓምፕ ርክክቡ በተፈረመ በሁለተኛው ሳምንት ቆሞ ነበር። እናቶች የድሮው ኩሬ ላይ ተሰልፈው አየኋቸው። ሪፖርቴ ላይ ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። አራት ቁጥር ነው የምጽፈው፦ የታቀደ፣ ርክክብ የተፈረመለት፣ በማረጋገጫው ቀን ውሃ የሰጠ፣ ውሃውም ለመጠጥ የሚሆን። በምሳሌያችን ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው። 12 ታቅዷል። 11 ርክክብ ተፈርሟል፤ አንዱ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ ተትቷል። በማረጋገጫው ቀን 10 ውሃ ሰጥተዋል፤ አንድ ፓምፕ ተበላሽቷል። ከአሥሩ ደግሞ የዘጠኙ ውሃ ብቻ ለመጠጥ ይሆናል። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ በሊትር 2.3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ የታወቀ ችግር ነው። የልጆችን ጥርስ ያጠቁራል፣ መጠኑ ሲበዛና ዓመታት ሲቆይ ደግሞ አጥንት ይጎዳል።

12፣ 11፣ 10፣ 9። እነዚህ አራት ቁጥሮች ስለ ፕሮጀክቱ ከአሥር ገጽ ትረካ በላይ ይናገራሉ።

ማረጋገጫው ከባድ አይደለም። አንድ የእጅ ስልክ ሰዓትና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ፣ ውሃው 20 ሜትር ገደማ ላይ ካለ፣ ጀሪካኑን በአንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይሞላል። ሦስትና አራት ደቂቃ ከፈጀ አንድ ነገር አለ። ቀጥሎ ፓምፑን አሥር ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ ውሃ እስኪወጣ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ቁጠሩ። ወዲያው ከወጣ ደህና ነው። ብዙ ከተመታ በኋላ ከወጣ ውሃው ወደ ታች እያፈገፈገ ነው፤ የታችኛው መክፈቻ ወይም የቧንቧ መጋጠሚያ ያፈስሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ ዛሬ «ይሠራል»፤ ከወራት በኋላ ላይሠራ ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ይስፈር።

የተጠቃሚ ቁጥርንም በማባዛት አታውጡ። «አንድ ፓምፕ ለ270 ሰው፣ ሲባዛ 8» የሚል ስሌት አንድም ሰው አልቆጠረም። የውሃ ኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍሉ ቤተሰቦች መዝገብ አለው። እሱን ቁጠሩ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ነገር ግን ስም አለው።

ለእያንዳንዱ ተቋም አባሪ ላይ አንድ መስመር ይኑረው። ቀበሌና ጎጥ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ጥልቀት፣ የውሃ ወለል፣ የፓምፕ ዓይነት፣ የተገጠመበት ቀን፣ የውሃ ምርመራ ውጤት፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ ቁጥር። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚከፍተው ይህን ገጽ ነው።

## 3. የበጀት ልዩነት፦ ቁጥሩን ሳይሆን ምክንያቱን አስረዱ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በጀቱ ሲዘጋጅ ዶላሩ በ55 ብር ተሰልቷል። 200,000 ዶላር 11,000,000 ብር ሆነ። የመጀመሪያው ክፍያ 120,000 ዶላር በዚሁ ዋጋ ተመንዝሮ 6,600,000 ብር ገባ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ዘለለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ሁለተኛው ክፍያ 80,000 ዶላር ሲገባ በ115 ተመነዘረ እንበል፤ 9,200,000 ብር ነው። ጠቅላላ የገባው 15,800,000 ብር ሆነ። ከበጀቱ 4,800,000 ብር ብልጫ አለው። ለጋሹ ግን አንድም ዶላር አልጨመረም።

ፕሮጀክቱ ያወጣው እንዲህ ነው።

| የበጀት ርዕስ | በጀት (ብር) | ወጪ (ብር) | ልዩነት (ብር) |
|---|---|---|---|
| ግንባታ | 6,000,000 | 8,460,000 | +2,460,000 |
| ፓምፕ | 1,200,000 | 2,040,000 | +840,000 |
| ሥልጠና | 800,000 | 520,000 | −280,000 |
| ደመወዝና አበል | 1,900,000 | 2,150,000 | +250,000 |
| አስተዳደር | 1,100,000 | 980,000 | −120,000 |
| ድምር | 11,000,000 | 14,150,000 | +3,150,000 |

አንድ ሰው ይህን ብቻ ካየ «28.6 በመቶ ከበጀት በላይ አውጥተዋል» ይላል። ሌላው የባንክ ሒሳቡን አይቶ «1,650,000 ብር ሳይጠቀሙ ቀሩ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ብቻውን አይበቃም። ከሥሩ ሦስት ነገር መብራራት አለበት።

የመጀመሪያው ብልጫውን እንድትጠቀሙበት ማን እንደፈቀደ ነው። የምንዛሪ ብልጫ የድርጅቱ ገንዘብ አይደለም። አንዳንዱ ለጋሽ ለዚያው ሥራ ይዋል ይላል፤ አንዳንዱ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀንሰዋል። ፈቃዱ በደብዳቤ ካለ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉ። ከሌለ አሁኑኑ ጠይቁ። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ልመና ነው። ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ማዛወርም ወሰን አለው። ብዙ ስምምነቶች ላይ 10 በመቶ ነው፤ የእናንተን ግን ራሳችሁ አንብቡ። በምሳሌያችን ግንባታ በ41፣ ፓምፕ በ70፣ ደመወዝና አበል በ13 በመቶ ከበጀታቸው አልፈዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ልዩነቱን በዋጋና በብዛት መክፈል ነው። ፓምፑን እንውሰድ። የታቀደው አንድ መጠባበቂያ ጨምሮ 10 ፓምፕ ነበር፤ አንዱ ከነቧንቧው በ120,000 ብር። የተገዛው 8 ነው፤ አንዱ በ255,000 ብር። ዋጋው በአንዱ ላይ 135,000 ጨመረ፤ በ8 ሲባዛ 1,080,000 ብር ተጨማሪ ወጪ ነው። ሁለት ፓምፕ ስላልተገዛ ደግሞ 240,000 ብር ቀነሰ። ሲቀናነስ 840,000፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር። «የ840,000 ልዩነት በዋጋ ንረት ነው» ብሎ መጻፍ ስህተት መሆኑን አያችሁ? የዋጋው ጫና ከዚያ ይበልጣል። የተደበቀው አንዱ ጉድጓድ ስለደረቀና መጠባበቂያው ስላልተገዛ ነው። ይህ ሲጻፍ አንባቢው ወዲያው «ታዲያ መጠባበቂያ ፓምፕ የለም ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅም አለበት። ግንባታውንም በዚሁ መንገድ ፍቱት፤ የደረቀው ጉድጓድ ቁፋሮ የበላው 310,000 ብር ለብቻው ይውጣ።

እዚህ ላይ ስለ ሥልጠናው የማልዘለው ነገር አለ። 280,000 ብር ተርፏል። ብዙ ሪፖርት ይህን «ቁጠባ» ይለዋል። ሥልጠናው ለምን አልተሰጠም? በምሳሌያችን ሁለት ቀበሌ የፓምፕ ጥገና ሥልጠና ቀርቶባቸዋል። የተበላሸው ፓምፕ የት ነው? ከሁለቱ በአንዱ። ያልወጣ ገንዘብ ያልተሠራ ሥራ ሊሆን ይችላል። የበጀት ክፍሉንና የሥራ ክፍሉን የጻፉት ሁለት ሰዎች ካልተነጋገሩ ይህ ግንኙነት አይታይም። እኔ የወጪ ሠንጠረዡን የመስክ ሠራተኞች ፊት አስቀምጬ ርዕስ በርዕስ ነው የማነብላቸው። «ይህ ለምን ቀረ?» ሲባል መልሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ወደ ዶላር የተመለሰበት ዘዴ ነው። የተረፈው 1,650,000 ብር ስንት ዶላር ነው? በአማካይ ዋጋ ካሰላችሁ፣ 15,800,000 ለ200,000 ሲካፈል አንድ ዶላር 79 ብር ነው፤ የቀረው 20,886 ዶላር ይሆናል። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ወጣ ብላችሁ ካሰላችሁ የቀረው ብር በ115 የተመነዘረው ነው፤ 14,348 ዶላር ይሆናል። ብሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን 6,538 ዶላር ነው። የትኛው ትክክል ነው? ስምምነቱ ላይ የተጻፈው። ሪፖርቱን ስትዘጉ ባለው የዕለቱ ዋጋ ሁሉንም ወጪ መመንዘር ግን ፈጽሞ አይሆንም። በ55 ዘመን የተገዛ ሲሚንቶ በመዝጊያው ዕለት ዋጋ ሲመነዘር ወጪው ከግማሽ በታች ይመስላል።

በመጨረሻ የባንክ ሒሳቡን አስታርቁ። ከግንባታው 8,460,000 ብር ላይ 5 በመቶው፣ 423,000 ብር፣ ለኮንትራክተሩ ሳይከፈል በመያዣ ተቀምጧል። ወጪ ላይ ተመዝግቧል እንጂ ከባንክ አልወጣም። ስለዚህ ባንክ ውስጥ መገኘት ያለበት 1,650,000 ሳይሆን 2,073,000 ብር ነው። ባንኩ ይህን ካሳየ ሠንጠረዡ ልክ ነው። 1,650,000 ብቻ ካለ፣ ወይ መያዣው ተከፍሏል፣ ወይ አንድ ወጪ አልተመዘገበም። ሳታውቁ አትፈርሙ።

## 4. ያልተቋጩ ጉዳዮች፦ ባለቤት፣ ገንዘብ፣ ቀን

«ያልተፈቱ ችግሮች» በሚለው ርዕስ ሥር ብዙ ጊዜ የምናነበው «የፀጥታ ችግር፣ የዋጋ ንረት፣ የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ማነስ» የሚል ነው። እነዚህ ያልተቋጩ ጉዳዮች አይደሉም። ያጋጠሙ እንቅፋቶች ናቸው፤ ቦታቸው ሌላ ነው። ያልተቋጨ ጉዳይ ማለት ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላም አንድ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ያለበት ጉዳይ ነው። ባለቤት፣ ገንዘብና ቀን ከሌለው ገና አልተጻፈም።

መያዣውን እንውሰድ። ጊዜያዊ ርክክብ ሰኔ 2017 ተፈርሟል። የጉድለት ማረሚያው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ፕሮጀክቱ ግን ነሐሴ ላይ ይዘጋል። ሰኔ 2018 ላይ 423,000 ብሩን ማን ይከፍላል? ከየትኛው ሒሳብ? ኮንትራክተሩ ጉድለቱን ካላስተካከለ ማን ይከለክለዋል? ይህ ካልተጻፈ አንዱ ጉዳት መምጣቱ አይቀርም። ወይ ድርጅቱ ከኪሱ ይከፍላል፤ ወይ ገንዘቡ ለለጋሹ ተመልሶ ኮንትራክተሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የመያዣ ክፍያ 423,000 ብር በድርጅቱ ዋና ሒሳብ ለብቻው ተይዟል። የመጨረሻ ርክክብ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ይደረጋል። ጉድለቶቹን የሚመረምረው የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሚከፍለው የድርጅቱ ፋይናንስ ክፍል ነው። ለጋሹ በዚህ መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በአባሪ 6 ተያይዟል።»

የተበላሸው ፓምፕ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ስላላለቀ፣ ብልሽቱ የገጠማ ችግር ከሆነ የማደሱ ግዴታ የኮንትራክተሩ ነው። ያለቀው የፓምፑ የውስጥ ጎማ ከሆነ ደግሞ የኮሚቴው ነው። የትኛው እንደሆነ ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት ፓምፑን ፈትቶ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከሁሉም የከበደው ፍሎራይድ ያለበት ጉድጓድ ነው። «የውሃ ጥራት ክትትል ያስፈልጋል» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሕዝቡ ግን ከዚያ እየጠጣ ነው። ቁጥሩን በግልጽ ጻፉ፤ ቤተ ሙከራውንና ናሙናው የተወሰደበትን ቀንም። ውጤቱ ለኮሚቴውና ለጤና ጣቢያው መነገሩን ጻፉ። ፓምፑ ላይ ውሃው ለመጠጥና ለምግብ እንደማይሆን የሚገልጽ ምልክት መደረጉን ጻፉ፤ ልብስ ማጠብና መታጠብ ይቻላል። ነዋሪው እስከዚያ የመጠጥ ውሃ ከየት ያገኛል? ቅርብ ያለው ንጹህ ውሃ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በገጠር ውሃ ሽፋን መለኪያ አንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማግኘት አለበት። ቅርቡ ምንጭ 3 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ እነዚያ ቤተሰቦች ውሃ አላገኙም። ከተጠቃሚ ቁጥር ውስጥ አውጧቸው። ያማል፤ ግን አውጧቸው። እዚያ ከቀሩ የወረዳው ሽፋን ውስጥ ተቆጥረው ሌላ ፕሮጀክት ያልፋቸዋል።

የተረፈው 1,650,000 ብርም ያልተቋጨ ጉዳይ ነው። ይመለሳል? ወይስ ያለ ተጨማሪ በጀት ጊዜ ተራዝሞ ያ ሥልጠናና አንድ ምትክ ጉድጓድ ይሠራበታል? ጥያቄው ፕሮጀክቱ ከመዘጋቱ በፊት ለለጋሹ መላክ አለበት። ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ ያልኩት አንዱ ለዚህ ነው።

ሞተር ብስክሌትና ኮምፒውተርንም አትርሱ። ሞተሩ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ለወረዳ ለማስተላለፍ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊብሬው ሳይዛወር ቁልፉ ብቻ ከተሰጠ፣ አደጋ ሲደርስ የሚጠየቀው በሊብሬው ላይ ያለው ድርጅት ነው።

## 5. ትምህርት የሚባለው ሰነድ የሚቀይር ነው

«ማኅበረሰቡን ከመጀመሪያው ማሳተፍ አስፈላጊ መሆኑን ተምረናል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ስንት ሪፖርት ላይ አለ? ፕሮጀክቱ ሳይጀመርም የታወቀ ነገር ነው። እኔ አንድ መመዘኛ አለኝ። ትምህርቱ የሚቀጥለው ፕሮጀክት ውስጥ የትኛውን ሰነድ፣ የትኛውን አንቀጽ ወይም የትኛውን የበጀት መስመር ይቀይራል? መልስ ከሌለው አልጽፈውም።

ከምሳሌያችን ሦስት ትምህርት ይወጣል።

ደረቁ ጉድጓድ የተቆፈረው የጂኦፊዚክስ ጥናት ሳይደረግ ነው። ቦታውን የመረጠው ቀበሌው ነበር። ውሉ ደግሞ ኮንትራክተሩ በሜትር ይከፈላል ይላል፤ ውሃ ተገኘም አልተገኘም። ስለዚህ ለውጡ የውል ጉዳይ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ጥናት ይደረግ፤ ለደረቅ ጉድጓድ ማን ስንት እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ። ሙሉውን ኪሳራ ኮንትራክተሩ ላይ መጣል ግን አይመከርም። ያንን ስጋት በዋጋው ላይ ጭኖ ይመጣል።

ፍሎራይዱ የታወቀው ፓምፑ ከተገጠመ፣ መድረኩ ከተሠራ፣ ምርቃቱም ካለቀ በኋላ ነው። ምርመራው የሥራ መርሐ ግብሩ መጨረሻ ላይ ስለነበረ ነው። መቆፈሩ እንዳለቀ፣ ፓምፕ ሳይገጠም መመርመር አለበት። የክፍያ ሰንጠረዡ ላይ «የፓምፕ ገጠማ ክፍያ የሚፈጸመው የውሃ ምርመራ ውጤት ሲቀርብ ነው» የሚል መስመር ከገባ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል።

ሦስተኛው የግዢ ጊዜ ነው። ፓምፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ዶላር ይከተላል። ፕሮጀክቱ የመጀመሪያውን ገንዘብ በእጁ ይዞ ግዢውን ወደ ሁለተኛው ዓመት አሳደረው። ዋጋው በአንድ ፓምፕ 135,000 ብር ጨመረ። ትምህርቱ «የዋጋ ንረት ነበር» አይደለም። የግዢ ዕቅዱ ላይ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች በመጀመሪያው ክፍያ፣ በመጀመሪያው ስድስት ወር ውስጥ ይገዙ የሚል ነው። ማከማቻ ቦታና የዋስትና ጊዜ አብረው መታሰብ አለባቸው፤ መጋዘን ውስጥ የዋለ ፓምፕም ዋስትናው ይቆጠራል።

እነዚህን ነገሮች ለማግኘት ግማሽ ቀን በቂ ነው። ግን ማን እንደሚገኝ ተጠንቀቁ። ሾፌሩን ጥሩ። የቀበሌውን ሴት የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ጥሩ። የወረዳ ኃላፊዎች ባሉበት ኮሚቴው «ሁሉ ጥሩ ነው» ይላል። ስለዚህ ኮሚቴዎቹን ለብቻ አነጋግሩ፤ ዛፍ ሥር ከሆነ ይበልጥ ይናገራሉ። «ምን ተማራችሁ?» ብላችሁም አትጠይቁ። «ነገ ሌላ ድርጅት ቢመጣ ምን እንዳያደርግ ትነግሩታላችሁ?» በሉ። አንዲት እናት በዚህ ጥያቄ የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ሐሙስ ገበያ ነው፤ ሐሙስ ስብሰባ አትጥሩን» አሉኝ። የሥልጠና መርሐ ግብራችን ለምን ሰው እንዳጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

## 6. ማጠቃለያውን በመጨረሻ ጻፉ፣ ከዚያ አስፈርሙ

መጀመሪያ የሚነበበው አንድ ገጽ በመጨረሻ ይጻፋል። በምሳሌያችን እዚያ ላይ የሚገቡት አራቱ ቁጥሮች፣ የገባውና የወጣው ብር፣ የምንዛሪ ብልጫው፣ ባለቤት ያላቸው ያልተቋጩ ጉዳዮች ዝርዝር ናቸው። መልካሙን ከላይ አድርጎ መጥፎውን ገጽ 23 ላይ መቅበር አይገባም። ፍሎራይድ ያለው ጉድጓድ ማጠቃለያው ላይ ይግባ።

ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ስማቸው የተጠራ አካላት ሁሉ ያንብቡት። ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት «ተረክቤ እጠግናለሁ» ተብሎ ተጽፎበት ሳያውቅ መፈረም የለበትም። እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል። ይነሳ። አስተባባሪው ገና ሥራ ላይ ነው፣ ገንዘቡም ባንክ አለ፤ ክርክሩ ሊቋጭ የሚችለው አሁን ነው።

ሙሉው ሪፖርት ለለጋሹ፣ ለክልሉ ፈራሚ ቢሮዎችና ለወረዳው ይሄዳል። ለእያንዳንዱ የውሃ ኮሚቴ ግን ሙሉው አይጠቅመውም። ለኮሚቴው በአካባቢው ቋንቋ አንድ ገጽ አዘጋጁ። የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የፓምፑ ዓይነት፣ ቶሎ የሚያልቁት ጎማዎች ስም፣ የሚሸጥበት ከተማ፣ የመጨረሻ ርክክቡ ቀን፣ ከዚያ በፊት ብልሽት ካለ የሚጠሩት ሰው። በፕላስቲክ ታሽጎ ገንዘብ ያዥዋ ቤት፣ ከመዋጮው መዝገብ ጋር ይቀመጥ።